ሚዛኑና ድንጋዩ፦ የአዋላጅነት ፈተና ኬዝ እንዴት የመመዘኛ ቅጽ ይሆናል?

ይህን ዲስኩር እንዳቀርብ የጠሩኝ ሰዎች ርዕሱን ሲነግሩኝ «ስለ ቼክሊስት አንድ ሰዓት ምን ይወራል?» ብዬ ነበር። ወረቀቱን ሳገላብጥ ግን አንድ ሰዓት የሚበቃ ሆኖ አላገኘሁትም። ስለዚህ ብዙ ኬዝ አላነሳም። አንድ ኬዝ ብቻ ይዤ ከታሪክነቱ ተነስተን ፈታኝ እጅ ላይ እስከሚገባው ቅጽ ድረስ አብረን እንሠራዋለን።

ያለነው ፒያሳ ነው። ፒያሳ ብዙ ነገሯ ቢቀየርም ወርቅ ቤት ሲባል አሁንም ቀድማ የምትታወስ እሷ ናት። አሮጌ ቀለበት ለመሸጥ ወርቅ ቤት የገባ ሰው ሁለት ነገር አይቷል። ባለሱቁ ቀለበቱን ጥቁር ድንጋይ ላይ ፈተግ ያደርግና በአሲድ ይሞክረዋል። ከዚያ ሚዛን ላይ ያስቀምጠዋል። ሚዛኑ «ስንት ግራም ነው?» ለሚለው ይመልሳል። ድንጋዩ «ለመሆኑ ወርቅ ነው?» ለሚለው ይመልሳል። ናስ ከሆነ ሃምሳ ግራም ቢመዝንም ዋጋ የለውም። ግራሙ የናስነቱን ጉድለት አይሞላም።

የዛሬው ነገሬ በሙሉ ይኸው ነው። የተግባር ፈተና ቅጽም ሚዛንና ድንጋይ ይፈልጋል። ሚዛኑ ነጥቡ ነው፤ ድንጋዩ የሚጥለው ስህተት ነው። ሁለቱን የቀላቀለ ቅጽ ናስ በወርቅ ዋጋ ይገዛል።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። የትኛው ኮሌጅ እንደሆነ አልናገርም፤ የዚያ ቤት ብቻ ችግር አይደለምና። በአንድ የተግባር ፈተና ላይ ሁለተኛ ፈታኝ ሆኜ ተቀምጫለሁ። ኬዙ ልጅ ከተወለደ በኋላ እንግዴ ልጁን በአግባቡ ማውጣት ነው። ተፈታኟ ረጋ ያለች ልጅ ናት፣ አነጋገሯ ያምራል፣ ዕቃ አያያዟ ንጹሕ ነው። እትብቱን በክላምፕ ያዘችና ሳበች። ግራ እጇን አየሁት። የአልጋውን ጠርዝ ይዟል። የእናቲቱ ሆድ ላይ ምንም እጅ የለም። ዋናው ፈታኝ ቅጹን ሲደምር ከ20 ነጥብ 18 ሆነ። ሁለቱን ነጥብ ያጣችው ብልት መቀደዱን ማየት ስለረሳችና መዝገብ ላይ ሳትጽፍ ስለወጣች ነው። 90 ከመቶ! ከዕለቱ ከፍተኛ ውጤቶች አንዱ። በእውነተኛ እናት ላይ ያን እጅ አልጋ ጠርዝ ላይ ትታ እትብት ብትስብ ምን ሊደርስ እንደሚችል እዚህ ያላችሁ አዋላጆች ታውቃላችሁ፦ ማህፀኑ ራሱ ተገልብጦ ሊወጣ ይችላል። ደሙ፣ ድንጋጤው፣ ሩጫው ከዚያ ይቀጥላል።

ፈታኙን አልወቀስኩትም። ቅጹን ተቀብዬ ሳነበው የደጋፊው እጅ ነገር ከሃያው መስመር በአንዱም አልተጻፈም። ያልተጻፈውን አልቀነሰም። ወደዚህ ታሪክ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

መንገዴን ላስታውቅ። አራት ነገር እናያለን። መጀመሪያ ኬዙን መጻፍ፣ ሁለተኛ ኬዙን ወደ መስመሮች መበተን፣ ሦስተኛ የመስመሮቹን ቅደም ተከተል መወሰን፣ አራተኛ የሚጥለውን ስህተት መምረጥ።

መጀመሪያ፦ ኬዙ።

ይህ ዛሬ «ኦስኪ» ብለን የምንጠራው የፈተና ዓይነት ሮናልድ ሃርደን የተባሉ መምህር ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በ1975 እ.ኤ.አ. ከስኮትላንድ፣ ከዳንዲ ከተማ ያስተዋወቁት ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከዚያ በፊት አንዱ ተማሪ ቀላል በሽተኛና ደግ ፈታኝ ይደርሰው ነበር፤ ሌላው ከባድ በሽተኛና ቁጡ ፈታኝ ይደርሰው ነበር። ሃርደን ይህን ዕድል ለመቀነስ ሁሉም ተማሪ በተመሳሳይ ጣቢያዎች እንዲዞር፣ በየጣቢያው ተመሳሳይ ሥራ እንዲሠራ፣ ፈታኙም አስቀድሞ በተጻፈ ቅጽ እንዲመዝን አደረጉ። እኛ አገር በሲኦሲ የተግባር ምዘና ላይ ተቀምጣችሁ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ አይደለም» ብላችሁ የፈረማችሁ ሁሉ የዚህን ሐሳብ አንድ ጫፍ ይዛችኋል።

ኬዛችን እንዲህ ይላል። በበሩ ላይ ተለጥፎ ተፈታኟ ታነበዋለች፦

«የ26 ዓመት እናት ናት፤ ሁለተኛ ወሊዷ ነው። ደወሉ ሲደወል ወንድ ልጅ ተወለደ። ልጁ አልቅሷል፣ ተጠርጓል፣ እናቱ ሆድ ላይ ተሸፍኖ ተኝቷል። እትብቱ አልተቆረጠም። አንቺ እጅሽን ታጥበሽ ጓንት አድርገሻል። ኦክሲቶሲን በመርፌ ተቀድቶ፣ ስሙና መጠኑ ተጽፎበት ትሪው ላይ አለ። ከዚህ በኋላ ያለውን የወሊድ ምዕራፍ ምሪ። ጊዜሽ 8 ደቂቃ ነው።»

አጭር ናት፤ ነገር ግን እያንዳንዷ ዓረፍተ ነገር የምትዘጋው በር አለ። «ልጁ አልቅሷል» ባንል ኖሮ ጎበዟ ተፈታኝ መጀመሪያ ወደ ሕፃኑ ትሄድ ነበር፤ እኛም በማይገባ እንቀንስባታለን። «ጓንት አድርገሻል» ባንል ሁለት ደቂቃ ጓንት በማጥለቅ ይባክናል። መድኃኒቱ የተቀዳው ለዚሁ ነው፤ በሥራ ቦታም ልጁ ከመወለዱ በፊት ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት። መቅዳት መቻሏን መፈተን ከፈለግን ሌላ ጣቢያ እናዘጋጅ። ኬዝ ስንጽፍ የመጀመሪያው ውሳኔ የማንፈትነውን መወሰን ነው።

ሁለተኛው ውሳኔ ጊዜው ነው። በእውነተኛው ሥራ እትብቱን ከመቁረጥ በፊት ከ1 እስከ 3 ደቂቃ እንጠብቃለን። ማህፀኑ እስኪኮማተርም እንጠብቃለን። ይህን ሁሉ በእውነተኛ ሰዓት ብንጠብቅ 8 ደቂቃው ያልቃል። ስለዚህ የፈታኙ መመሪያ ላይ አንድ ንግግር ይጻፋል፦ ተፈታኟ «እትብቱን ለመቁረጥ እጠብቃለሁ» ስትል ፈታኙ «ሁለት ደቂቃ አልፏል» ይላል። እጇን ሆድ ላይ አድርጋ «ማህፀኑ እስኪኮማተር እጠብቃለሁ» ስትል «ተኮማትሯል» ይላል። እሷ ካላለች እሱም አይልም። ኦክሲቶሲን የሚሰጥበት አንድ ደቂቃ ግን በእውነተኛ ሰዓት ይለካል። ይህ ካልተጻፈ አንዱ ፈታኝ ይረዳል፣ ሌላው ዝም ይላል፤ ሃርደን ያባረሩት ዕድል በመስኮት ይመለሳል።

ሁለተኛ፦ መስመሮቹ።

ኬዙን ወደ መስመር ስንበትን አንድ ጥያቄ ብቻ ያዙ፦ «ይህን ፈታኙ በዓይኑ ያየዋል ወይስ በጆሮው ይሰማዋል?» ካላየውና ካልሰማው መስመር አይሆንም። «የእንግዴ ልጅ አወጣጥን ትረዳለች» የሚል መስመር አይቻለሁ። መረዳት በምን ይታያል? «ማህፀኑን በአግባቡ ትመረምራለች» የሚልም አለ። «በአግባቡ» የምትለዋ ቃል ፈታኙ ለወደዳት እንዲሰጥ፣ ላልወደዳት እንዲከለክል የተተወች ክፍት በር ናት። በምትኩ እንዲህ ጻፉ፦ «እጇን ሆድ ላይ አድርጋ ሁለተኛ ልጅ መኖር አለመኖሩን ትዳስሳለች፤ ያገኘችውንም ድምፅ አውጥታ ትናገራለች።» ዓይንም ጆሮም ሥራ አገኘ።

ሌላው ወጥመድ ሁለት ሥራን በአንድ መስመር ማሰር ነው። «ማህፀኑን ትደግፋለች፣ እትብቱንም ትስባለች» ብለን ብንጽፍና ተፈታኟ ስባ ባትደግፍ ፈታኙ ምን ይስጥ? ግማሽ? ምንም? ሁሉንም? ሦስት ፈታኝ ሦስት መልስ ይሰጣችኋል። ለየብቻ ሲጻፉ ክርክሩ ያልቃል።

የመስመሩን ብዛትም አስቡ። አርባ መስመር ያለው ቅጽ የተሰጠው ፈታኝ ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ነው፤ ግራ እጇ የት እንዳለ አያይም። ለ8 ደቂቃ ጣቢያ 16 መስመር አውጥቻለሁ። በእጃችሁ ያለው ወረቀት ላይ ነው፤ አብረን እናንብበው። በቅንፍ ያለው ነጥቡ ነው።

1. ለእናቲቱ የምትሠራውን በአጭሩ ትነግራታለች። (1)
2. መርፌውን ከመውጋቷ በፊት ሆድ ዳስሳ ሁለተኛ ልጅ አለመኖሩን ታረጋግጣለች፤ ትናገራለች። (2)
3. የመድኃኒቱን ስምና መጠን ድምፅ አውጥታ ታነባለች። (1)
4. ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት ጡንቻ ላይ ትወጋለች። (2)
5. ይህን ልጁ በተወለደ በ1 ደቂቃ ውስጥ ታደርጋለች። (1)
6. እትብቱን ከመቁረጧ በፊት ከ1 እስከ 3 ደቂቃ እንደምትጠብቅ ትናገራለች። (1)
7. እትብቱን በሁለት ቦታ አስራ በመካከል ትቆርጣለች። (1)
8. ከመሳቧ በፊት እጇን ሆድ ላይ አድርጋ ማህፀኑ እስኪኮማተር ትጠብቃለች። (2)
9. አንድ እጇን ከብልት አጥንት በላይ አድርጋ ማህፀኑን ወደ ላይ ትደግፋለች። (2)
10. በሌላው እጇ እትብቱን ሳትነጥቅ፣ በእኩል ኃይል ወደ ታች ትስባለች። (1)
11. ፈታኙ «አልወረደም» ሲላት መሳቧን አቁማ ቀጣዩን መኮማተር ትጠብቃለች። (1)
12. እንግዴ ልጁን በሁለት እጇ ተቀብላ ሽፋኑን ቀስ ብላ እየጠመዘዘች ታወጣለች። (1)
13. ወዲያው የማህፀኑን ጥንካሬ ትዳስሳለች። (1)
14. እንግዴ ልጁና ሽፋኑ ሙሉ መሆናቸውን ትመረምራለች። (1)
15. ብልት መቀደድ አለመቀደዱን ታያለች። (1)
16. የፈሰሰውን ደም ገምታ ትመዘግባለች። (1)

ድምሩ 20 ነው። አሥራ አንደኛዋን መስመር ልብ በሉልኝ። እንግዴ ልጁ ከ30 እስከ 40 ሰከንድ ተስቦ ካልወረደ መሳብ ይቆማል። ማቆም መቻሏን የምናየው ፈታኙ «አልወረደም» ሲላት ብቻ ነው። ይህ ንግግር መመሪያው ላይ ከሌለ ፕላስቲኩ ሞዴል ሁልጊዜ እሺ እያለ ይወርድላታል፤ የማቆም ዕውቀቷን አንፈትንም።

እናንተ አንጋፋዎቹ ደግሞ አንድ የቀረ ነገር ሳታዩ አልቀራችሁም። «ማህፀኑን ታሻለች» የሚለው የት ሄደ? እኛ ስንማር ኦክሲቶሲን፣ እትብት መሳብ፣ ማሸት ብለን ሦስቱን እንደ መዝሙር ሸምድደናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 እ.ኤ.አ. ምክሩን ሲያሻሽል ግን ኦክሲቶሲን ለወሰደች እናት ደም እንዳይፈስ ብሎ ማህፀኗን ያለማቋረጥ ማሸትን አልመከረም። የመከረው ጥንካሬውን እየዳሰሱ መከታተልን ነው። ማሸት ቦታው ማህፀኑ ላልቶ ሲገኝ ነው። መሳብም ቢሆን የሠለጠነ አዋላጅ ባለበት የሚሠራ አማራጭ እንጂ ዋናው ነገር እንዳልሆነ፣ ዋናው መድኃኒቱ እንደሆነ ያን ጊዜ ተገልጿል። አሮጌ ቅጽ ይዘን ብንፈትን አዲሱን የተማረችውን ልጅ በእውቀቷ እንቀጣታለን። ስለዚህ ቅጹ ግርጌ ላይ የተጻፈበትን ቀንና የተመሠረተበትን መመሪያ ዓመት ጻፉ። ሁለት ዓመት ያለፈው ቅጽ ሳይከለስ ፈተና አይግባ።

ሦስተኛ፦ ቅደም ተከተሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ቅጽ ይሳሳታል። መስመሮቹ ከ1 እስከ 16 ተቆጥረዋልና ተፈታኟ በዚያው ተራ ካልሄደች ይቀነስባታል። ግን ቁጥሩ ለአንባቢ ምቾት ነው እንጂ ሁሉም ተራ ሕግ አይደለም። እንግዴ ልጁን ከመመርመሯ በፊት የእናቲቱን ብልት ብታይ ምን ይጎዳል? ምንም። ለእናቲቱ መናገርን እየዳሰሰች ብታደርገው? ምንም።

እውነተኛውን ተራ ከልማድ የምንለየው በአንድ ጥያቄ ነው፦ «እነዚህ ሁለቱ ቢገላበጡ እናቲቱ ወይም ልጇ ላይ ምን ይደርሳል?» መልሱ ጉዳት ከሆነ ተራው የታሰረ ነው። መልሱ «መጽሐፉ ላይ እንዲህ ነው የተጻፈው» ከሆነ ተራው ልቅ ነው።

በኬዛችን ሦስት የታሰሩ ቦታዎች አገኘሁ። የመጀመሪያው ዳሰሳና መርፌ ነው። መንታ ካለና ሳናውቅ ኦክሲቶሲን ከወጋን ማህፀኑ በውስጥ የቀረውን ልጅ ጨምድዶ ይይዘዋል፤ ኦክስጅን ያጥረዋል። ሁለተኛው መኮማተር፣ መደገፍና መሳብ ነው። በላላ ወይም ባልተደገፈ ማህፀን ላይ መሳብ የመገልበጥ አደጋ አለው። ሦስተኛው ከእንግዴ ልጁ መውጣት በኋላ ያለው ነው። የማህፀኑ ጥንካሬ ሳይዳሰስ እንግዴ ልጁን ሳህን ላይ ዘርግቶ መመርመር ከተጀመረ ደም በላላው ማህፀን ሲፈስ ማንም አያየውም። ከእነዚህ ሦስቱ ውጭ ያለው ሁሉ ልቅ ነው።

እንግዲህ ተራውን እንዴት ነጥብ እናደርገዋለን? ተራውን መስመሩ ውስጥ ጻፉት። ሁለተኛው መስመር «ከመውጋቷ በፊት» ይላል፤ ስምንተኛው «ከመሳቧ በፊት» ይላል፤ አሥራ ሦስተኛው «ወዲያው» ይላል። ፈታኙ ተራ መቁጠር አያስፈልገውም፤ መስመሩ ሆነ ወይስ አልሆነም ይላል። ይህ አሠራር ሌላም ጥቅም አለው። አንድ ስህተት አንድ ጊዜ ብቻ ይቀጣል። ዳሰሳውን ዘላ ወግታ በኋላ ያስታወሰች ልጅ ሁለተኛውን መስመር ታጣለች፤ የመርፌውን ነጥብ ግን ታገኛለች፣ በትክክል ወግታለችና። «ተራ ያፈረሰ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ያጣል» የሚል ቅጽ በአንድ መርሳት አሥር ነጥብ ይወስዳል። ያ ሚዛን አይደለም፤ ቁጣ ነው።

«ታዲያ መንታውን ሳታጣራ የወጋችው ሁለት ነጥብ ብቻ አጥታ ልትሄድ ነው?» የምትሉ አላችሁ። ጥያቄያችሁ ልክ ነው። ሚዛኑ የሚመልሰው ግን አይደለም። የድንጋዩ ሥራ ነው።

አራተኛ፦ የሚጥለው ስህተት።

የሚጥል ስህተት ማለት ነጥቧ ምንም ያህል ቢሆን ተፈታኟን በዚያ ጣቢያ የሚጥላት ነው። ከባድ ፍርድ ነውና መግቢያው ጠባብ መሆን አለበት። እኔ ሦስት መስፈርት እጠቀማለሁ። አንደኛ፣ ስህተቱ በራሱ፣ ሌላ ሰው ሳይጨምርበት፣ እናቲቱን ወይም ልጁን ለከባድ ጉዳት ይዳርጋል። ሁለተኛ፣ ሁለት ፈታኞች ለየብቻ ተቀምጠው ሳይነጋገሩ ሊያዩት ይችላሉ። ሦስተኛ፣ ኬዙ ያን ሥራ በግልጽ የተፈታኟ ኃላፊነት አድርጎታል። ሦስቱን ያላለፈ እንደ ማንኛውም መስመር በነጥብ ይመዘን።

እያለፍን እንሞክር። መንታ ሳያጣሩ መውጋት፦ ይጎዳል፣ ይታያል፣ ኃላፊነቷ ነው። ገባ። ማህፀኑን ሳይደግፉ መሳብ፦ ይጎዳል፣ ይታያል፣ ኃላፊነቷ ነው። ገባ። ኦክሲቶሲኑን ጨርሶ ሳይሰጡ መውጣት፦ የምዕራፉ ዋና መከላከያ ቀረ። ገባ። ማህፀኑ ሳይኮማተር መሳብስ? ይጎዳል። ግን ፕላስቲክ ሞዴል አይኮማተርም፤ ፈታኙ የሚያውቀው ተፈታኟ ስትናገር ብቻ ነው። ልትጠብቅ አስባ በድንጋጤ ሳትናገር ብትቀርስ? ሁለተኛውን መስፈርት አላለፈም። ስለዚህ ሁለት ነጥብ ሰጥቼው ከድንጋዩ አውጥቼዋለሁ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ አለመስጠትስ? አንድ ደቂቃ ከአምስት ሰከንድ ላይ የወጋችን ልጅ መጣል የሰዓት ጭካኔ ነው፤ በነጥብ ይቅር። ብልት መቀደዱን አለማየት? ጉዳት አለው፤ ግን በቀጣዩ ክትትል የመያዝ ዕድል አለውና በነጥብ ይቅር። እናቲቱን መስደብ ወይም መምታትስ? ያ የዚህ ጣቢያ ስህተት ብቻ አይደለም። በሁሉም ጣቢያ የሚሠራ የሥነ ምግባር ደንብ ሆኖ በፈተናው መግቢያ ላይ ይጻፍ።

ሦስት ቀሩ። እንዲህ ይጻፋሉ፦

ሀ. ሁለተኛ ልጅ መኖሩን ሳታጣራ ኦክሲቶሲን ወጋች።
ለ. ማህፀኑን በእጇ ሳትደግፍ እትብቱን ሳበች።
ሐ. ጊዜው እስኪያልቅ ኦክሲቶሲን አልሰጠችም።

አጻጻፋቸውን ተመልከቱ። «ለእናቲቱ ደኅንነት ትጠነቀቃለች» አላልኩም። የተፈጸመ ሥራ ነው የጻፍኩት፤ ፈታኙ «አየሁ» ወይም «አላየሁም» ይላል። ቦታቸውም ከአሥራ ስድስቱ መስመር ተለይቶ በቅጹ ግርጌ በሳጥን ውስጥ ነው። ነጥብ የላቸውም። ሚዛኑና ድንጋዩ አንድ ላይ አይቀመጡም።

ራሷን ያረመችውስ? ይህ አዳራሽ ውስጥ ሁልጊዜ የሚነሳ ጥያቄ ነውና አስቀድሜ ልመልስ። መርፌውን አንስታ፣ ወደ እናቲቱ ጭን አስጠግታ፣ «ቆይ፣ መንታ አላጣራሁም» ብላ መርፌውን ያስቀመጠች ልጅ አልወደቀችም። እንዲያውም በሥራ ላይ የምንፈልጋት እሷን ናት። መርፌው ከገባ በኋላ ያስታወሰች ግን ወድቃለች፤ መድኃኒት አይመለስምና። ወሰኑ ሥራው መፈጸሙ ነው። ይህም መመሪያው ላይ ይጻፍ። ካልተጻፈ ደግ ፈታኝ ያሳልፋል፣ ጥብቅ ፈታኝ ይጥላል።

ፈታኙ ስህተቱን ሲያይ ምን ያድርግ? በሞዴል ላይ ከሆነ አያቋርጣት፣ ፊቱንም አያጥቁር። ሳጥኑ ውስጥ ምልክት ያድርግና ያየውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፦ «ስትስብ ግራ እጇ አልጋ ላይ ነበር።» ይህቺ ዓረፍተ ነገር አቤቱታ ሲመጣ ምስክር ናት። ምዘናው በእውነተኛ እናት አጠገብ ከሆነ ግን ፈተና የሚባል ነገር የለም፤ ፈታኙ ወዲያው እጁን ያስገባል።

አሁን ሁለት ተፈታኞችን በቅጹ እንመዝን። የመጀመሪያዋ ያቺ ቅድም ያነሳኋት ልጅ ናት። በአዲሱ ቅጽ የዘጠነኛውን መስመር ሁለት ነጥብ፣ አሥራ አምስተኛውንና አሥራ ስድስተኛውን አንዳንድ ነጥብ ታጣለች። 16 ከ20 ነው፤ 80 ከመቶ። ሚዛኑ ብቻውን አሁንም ያሳልፋታል! ሳጥኑን ስናይ ግን «ለ» ላይ ምልክት አለ። ወድቃለች። ሁለተኛዋ ተፈታኝ ዓይን አፋር ናት። ለእናቲቱ አልነገረችም፣ የመድኃኒቱን ስም አላነበበችም፣ አንድ ደቂቃው አልፏታል፣ እንግዴ ልጁን በአንድ እጅ ተቀበለች፣ መቀደዱን አላየችም፣ አልመዘገበችም። ስድስት ነጥብ አጣች፤ 14 ሆነ። ሳጥኑ ባዶ ነው። የማለፊያው ነጥብ 14 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አልፋለች፤ ልምምድ የሚጎድላት ብትሆንም እናቲቱን አልጎዳችም።

የማለፊያው ነጥብ ከየት ይምጣ? «ሁልጊዜም 50 ነው» ከማለት ይልቅ በቅጹ መጨረሻ ለፈታኙ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ነጥቡን ከመደመርህ በፊት፣ በአጠቃላይ ይህቺ ተፈታኝ ብቁ ናት፣ ድንበር ላይ ናት፣ ወይስ ብቁ አይደለችም? ፈተናው ሲያልቅ «ድንበር ላይ» የተባሉትን ለይታችሁ የነጥባቸውን አማካይ ውሰዱ። አምስት ቢሆኑና 12፣ 13፣ 13፣ 14 እና 15 ቢያገኙ ድምሩ 67፣ አማካዩ 13.4 ነው። ያ የጣቢያው ማለፊያ ይሆናል። ከባድ ጣቢያ ሲሆን ማለፊያው ራሱ ይወርዳል፤ ቀላል ሲሆን ይወጣል። ተፈታኞቹ አሥርና አሥራ አምስት ብቻ ከሆኑ ግን ድንበር ላይ የሚገኙት አንድ ሁለት ይሆናሉና በዚህ አማካይ አትተማመኑ። ያን ጊዜ መምህራኑ ፈተናው ከመጀመሩ በፊት መስመር በመስመር ተነጋግረው ይወስኑ።

ይህ አጠቃላይ ጥያቄ ሌላም ሥራ አለው። በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ የካናዳ ጥናት ተማሪዎችን፣ ሬዚደንቶችንና ልምድ ያላቸውን ሐኪሞች በአንድ ኦስኪ ፈትኖ ነበር። በአጠቃላይ ግምገማ ልምድ ያላቸው በለጡ። በቼክሊስት ግን ከተማሪዎቹ አንሰው ተገኙ! አዋቂ ሰው ወደ ነገሩ በአቋራጭ ይደርሳል፤ ቼክሊስት ደግሞ አቋራጭ አያውቅም። ስለዚህ ቅጹ ለጀማሪ መመዘኛ ይሁን። ሃያ ዓመት ያዋለደችን ሰው በዚህ ብቻ አትመዝኑ።

ቅጹን ከመጠቀማችሁ በፊት አንድ ከሰዓት ስጡት። አንድ ተማሪ ሥራውን እንድትሠራ አድርጉ፤ ሁለት ፈታኞች ተራርቀው ተቀምጠው ይመዝኑ። ድምራቸውን አታወዳድሩ፤ መስመር በመስመር አወዳድሩ። አንዱ 16 ሌላውም 16 ሰጥተው የተለያየ መስመር ላይ ሊቀንሱ ይችላሉ። የተለያዩበት መስመር ሲገኝ «ማን ተሳሳተ?» አትበሉ፤ መስመሩን አርሙት። ሳጥኑ ውስጥ ካሉት በአንዱ ላይ ከተለያዩ ደግሞ ያ ስህተት እስኪታረም ከሳጥኑ ይውጣ።

አሁን ወደዚያች ልጅ ልመለስ። ፈተናው አልቆ ኮሪደር ላይ አገኘኋትና «ግራ እጅሽ ለምን አልደገፈም?» አልኳት። ደነገጠች። ከዚያ ከቦርሳዋ ታጥፎ ጠርዙ ያለቀ ወረቀት አወጣች። የእኛው አሮጌ ቅጽ ነው፤ ከቀደሙት ተማሪዎች ተቀባብለውት ደርሷታል። ሌሊቱን ሙሉ ያጠናችው እሱን ነው። ጣቷን አሥራ አንደኛው መስመር ላይ አድርጋ «ይኸው» አለችኝ። «እትብቱን በቁጥጥር ስባ እንግዴ ልጁን ታወጣለች» ይላል። ያዘዝናትን አድርጋለች።

ቅጹን የምንጽፈው ለፈታኙ ይመስለናል። ተማሪዋ ግን ከመጽሐፉ አስቀድማ የምታነበው እሱን ነው። ዘጠነኛዋን መስመር ያን ዕለት ማታ ጻፍኩ፤ «ለ»ንም ከእሷ ጋር።

ወረቀቱ በእጃችሁ ነው፤ የማትስማሙበትን መስመር አስምሩበትና ስትወጡ በሩ ላይ ስጡኝ።